ኮማ ገመድ አይቀጥልም

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ‹ኮማ ስፕላይስ› የሚሉት ስሕተት ግማሽ ስሙን ያገኘው ከመርከብ ላይ ነው። ስፕላይስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከደች ወደ እንግሊዝኛ የገባ የመርከበኞች ቃል ነው። ምንጩ ‹ስፕሊሰን› የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ሁለት ገመድ ያለ ቋጠሮ መቀጠል ማለት ነው። መርከበኛው የሁለቱንም ገመድ ጫፍ ይፈታል፣ ፈትሉን ይለያያል፣ ከዚያ የአንዱን ፈትል በሌላው መሐል እያሾለከ መልሶ ይገምደዋል። በደንብ የተሠራ ቅጥል ጭነት ይሸከማል፤ ቋጠሮ ስለሌለውም በመዘውር ውስጥ ሳይቀረቀር ያልፋል። የሥርወ ቃል ሊቃውንት ስፕላይስን መሰንጠቅ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከ‹ስፕሊት› ጋር ያዛምዱታል። ገመድ ለመቀጠል መጀመሪያ ጫፉን መሰንጠቅ ግድ ነውና ዝምድናው አያስገርምም።

ኮማ ደግሞ የግሪክ ነው። ‹ኮፕቴይን› መቁረጥ ሲሆን፣ ከርሱ የወጣው ‹ኮማ› የተቆረጠ ነገር፣ ቁራጭ ማለት ነው። ስለዚህ ኮማ ስፕላይስ ቃል በቃል ሲፈታ በቁራጭ መቀጠል ይሆናል። ስሙ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ድርሰት በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ ተለመደ። እኔ ለዚህ ስሕተት ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም፤ ችግሩ ያለው ለመቁረጥ የተሠራውን ምልክት ገመድ እንዲቀጥል መጠየቁ ላይ ነውና።

ስሕተቱ ይህ ነው፦ በየራሳቸው መቆም የሚችሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች በመካከላቸው ኮማ ብቻ ይዘው ሲሰለፉ ኮማ ስፕላይስ ይባላል። ኮማው እንኳ ቀርቶ እንዲሁ ከተላተሙ ‹ራን-ኦን› ነው፤ አንዳንዱ መምህር ‹ፊውዝድ›፣ የቀለጠ፣ ይለዋል። ራን-ኦን ሲባል ብዙ ሰው ረዥም ዓረፍተ ነገር ይመስለዋል። ርዝመት ግን እዚህ ቦታ የለውም። በትክክል የተያያዘ የ60 ቃል ዓረፍተ ነገር ራን-ኦን አይደለም፤ አራት ቃል ብቻ ያለው ደግሞ ሊሆን ይችላል። ‹አይ ኬም ሂ ሌፍት› (መጣሁ ሄደ) ራን-ኦን ነው።

ይህ ስሕተት በብዛት የሚታየው ተረጋግቶ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ሳይሆን በስብሰባና በስብሰባ መካከል በስልክ ለሥራ አስኪያጅ በሚላክ ባለ አምስት መስመር ኢሜይል ላይ ነው። በአዲስ አበባ የእርዳታ ድርጅት ቢሮም ሆነ በዋሽንግተን ዙሪያ ባለ መሥሪያ ቤት፣ አማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በብዛት ይወድቅበታል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ራሱም አያመልጥም፤ ግን እሱ የሚወድቅበት ምክንያትና እኛ የምንወድቅበት ምክንያት የተለያየ ነው።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚጥለው ጆሮው ነው። ኮማ በመጀመሪያ የምልክት ስም አልነበረም። ለግሪክ የንግግር መምህራን ኮማ የንግግር ቁራጭ ነበር። ‹ኮሎን› ከርሱ የሚረዝም ክፍል ነበር፤ ትርጉሙም እጅና እግርን የመሰለ የሰውነት ክፍል፣ ብልት ማለት ነው። ‹ፔሪዮዶስ› ሙሉው ነገር ነበር፤ ‹ፔሪ› ዙሪያ፣ ‹ሆዶስ› መንገድ፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድ ማለት ነው። የኦሪት ዘጸአት የእንግሊዝኛ ስም ‹ኤግዞደስ› ውስጥ ያለውም ይኸው ‹ሆዶስ› ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ዓመት ገደማ የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ያስተዳድር የነበረው የቢዛንጥዮኑ አሪስቶፋኒስ በፊደሉ ቁመት ላይ ከፍና ዝቅ የሚሉ ነጥቦች አስቀመጠ። ነጥቦቹ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው የት አጭር፣ የት ረዥም ዕረፍት መውሰድ እንዳለበት ያሳዩ ነበር። የንግግሩ ቁራጮች ስም በኋላ ወደ ምልክቶቹ ተላለፈ።

የዛሬው ኮማ ቅርጽ ግን የግሪክ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች ለአጭር ዕረፍት ቀጭን ያዘመመች ጭረት ያሰምሩ ነበር። በላቲን ‹ቪርጉላ› ትባላለች፣ ትንሽ በትር። ፈረንሳዮች ኮማን ዛሬም ‹ቪርጊዩል›፣ ጣሊያኖች ‹ቪርጎላ› ይሉታል። የቬኒሱ አታሚ አልዶ ማኑዚዮ በ1490ዎቹ ባሳተማቸው መጻሕፍት ጭረቷ አጥራና ጎብጣ ከመስመሩ እግር ላይ ተቀመጠች። ሴሚኮሎን የሚባለው ምልክትም ከዚያው ማተሚያ ቤት፣ በዚያው ዘመን ወጣ። ስሙ ግማሽ ላቲን፣ ግማሽ ግሪክ ነው፦ ‹ሴሚ› እኩሌታ፣ ‹ኮሎን› ብልት። የእኛ ‹ሰረዝ› ከ‹ቪርጉላ› ጋር በሐሳብ ይገጥማል፤ ሰረዘ ማለት መስመር አሰመረ፣ በመስመርም አጠፋ ነውና፣ ምልክቷን በቅርጿ የሚጠራ ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕተ ዓመታት ሕጉ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ጮክ ብሎ ማንበብ እየቀረ በዓይን ማንበብ ሲነግሥ፣ ኮማም የትንፋሽ ምልክትነቱን እየተወ የሰዋስው መገጣጠሚያ ምልክት ሆነ። ሕጉ ቢለወጥም ጆሮ አልተለወጠም። ‹ሪፖርቱ ደርሷል› ብሎ ትንፋሽ ስቦ ‹ልኬዋለሁ› የሚል እንግሊዛዊ፣ ትንፋሹ ላይ ኮማ ያስቀምጣል። የአሪስቶፋኒስ ደቀ መዝሙር ቢሆን ልክ ነበር፤ ለዛሬ ሥራ አስኪያጅ የሚጽፍ በመሆኑ ብቻ ነው የተሳሳተው።

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። እኛን የሚጥለን ግሣችን ነው።

‹ሪፖርቱን ጨርሼ፣ ለፋይናንስ ልኬ፣ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።› ሦስት ድርጊት አለ፤ የሚዘጋው ግን የመጨረሻው ብቻ ነው። ‹ጨርሼ› ሲባል ሰሚው ነገሩ እንዳላለቀ ከግሡ ቅርጽ ያውቃል። ነጠላ ሰረዝ ባይኖርም ያውቃል። ‹ጨርሻለሁ› ቢባል ደግሞ አራት ነጥብ ባይኖርም ነገሩ ተዘግቷል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግድግዳው ግሡ ራሱ ነው። ግድግዳ ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ በግእዝ ‹ዐረፍት› ግድግዳ ነው፣ ‹ዕረፍት› ደግሞ ማረፍ። ‹ዓረፍተ ነገር› የሚለውን ስም አንዱ የነገር ግድግዳ፣ ሌላው የነገር ማረፊያ ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ሁለቱም ንባብ ግሣችን የሚሠራውን ሥራ በትክክል ይናገራል። ሐረግ ደግሞ ሌላ ተክል ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣው ተክል ነው፤ ብቻውን ስለማይቆም ስሙ ብቻውን ለማይቆም የነገር ክፍል ተሰጠ።

እንግሊዝኛ ይህን ግድግዳ በግሡ ላይ አይሠራም። ‹ጨርሼ›ን ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው ‹አይ ፊኒሽድ› ይሆናል፤ ‹ጨርሻለሁ›ም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ለ‹ጨርሼ› የሚቀርበው ‹ሃቪንግ ፊኒሽድ› አለ፤ ግን ለአለቃ በሚላክ አጭር ኢሜይል ውስጥ እንደ ክስ ማመልከቻ ይከብዳል፣ ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ ‹አይ ፊኒሽድ› እንጽፍና፣ በአማርኛ ‹ጨርሼ› ከሚለው በኋላ የምናስቀምጣትን ነጠላ ሰረዝ በኮማ እንተካለን። እንግሊዛዊው አንባቢ ግን ‹አይ ፊኒሽድ› ላይ ነገሩ እንደተዘጋ ያነባል። በእርሱ ዓይን ከተዘጋ በር በኋላ ኮማ ተቀምጧል።

እንግዲህ አንድ ኢሜይል በእኛው ፊደል ልጻፍ፤ የምልክቱ ነገር እንዲታይ ኮማውንና ነጥቡን በእንግሊዝኛው ቅርጽ እተዋቸዋለሁ።

‹ዘ ሪፖርት ኢዝ ሬዲ, አይ ሴንት ኢት ቱ ፋይናንስ, ዘይ ፋውንድ ዋን ኤረር, ሃውኤቨር ዘ ቶታል ኢዝ ኮሬክት. አይ ኩድ ኖት ሪች ዘ ሰፕላየር ኦን ፍራይደይ አይ ዊል ኮል አጌን, ፕሊዝ አፕሩቭ ዘ ፔይመንት.›

ሪፖርቱ ደርሷል፣ ለፋይናንስ ልኬዋለሁ፣ አንድ ስሕተት አግኝተዋል፣ ይሁንና ድምሩ ልክ ነው። ከዚያ የአቅራቢው ነገር ይመጣል፤ በመጨረሻ እባክዎ ክፍያውን ያጽድቁ የሚል ልመና አለ። ቃላቱ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ፊደል የተሳሳተበት ቃል የለም። ብልሽቱ ያለው መጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ ነው። በሰባት ሙሉ ነገሮች መካከል ስድስት መጋጠሚያ አለ፤ ከስድስቱ በአግባቡ የተዘጋው ‹ኮሬክት› ላይ ያለው አንዱ ነው።

የሚያስቸግረው መጋጠሚያ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሙከራ ይበቃል። ኮማውን በነጥብ ተካና ግራና ቀኙን ለየብቻ አንብብ። ሁለቱም ለብቻቸው ከቆሙ ኮማ ብቻውን አይበቃቸውም። አንዱ ካልቆመ ኮማ ስፕላይስ የለም። ‹ዌን ዘ ፋይል አራይቭስ, አይ ዊል ኮል ዩ› (ፋይሉ ሲመጣ እደውላለሁ) ሙከራውን ያልፋል፤ ‹ዌን› ያለበት ግራው ክፍል፣ እንደ እኛ ‹ሲመጣ›፣ ለብቻው አይቆምም። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ አለ፣ እኔ የምወደውም ይህን ነው፦ በአማርኛ ብትናገረው ግሡ ‹-አለሁ›፣ ‹-አል›፣ ‹ነው› እያለ ይዘጋል ወይስ ‹ጨርሼ፣ ልኬ› እያለ ይቀጥላል? በሐሳብህ የሚቀጥል ከሆነ እንግሊዝኛው ማያያዣ ቃል ይፈልጋል፤ የሚዘጋ ከሆነ ነጥብ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። ‹ሪፖርቱ ደርሷል› እና ‹ልኬዋለሁ› አንድ ወሬ ናቸው፤ በአማርኛ ‹ደርሶ ልኬዋለሁ› ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮማው ይቆይና ከጎኑ ‹ኤንድ› ይግባ። ቀጥሎ ‹አግኝተዋል› የሚለው ላይ ባለቤቱ ተለወጠ፤ እኔ መሆኔ ቀርቶ ፋይናንሶች ሆኑ፣ ወሬውም አዲስ ነው። እዚህ ነጥብ። ነጥብ ሲገባ ቀጣዩ ቃል በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል መጀመር አለበት፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህቺ ነገር በቀላሉ ትረሳለች፣ ነጥቡን አስተካክሎ ፊደሉን የረሳ ሰው ደግሞ ግማሽ ጥገና ብቻ አድርጓል።

‹ሃውኤቨር› ጥቂት ያስቆማል። ቃሉ ‹ሃው› እና ‹ኤቨር› ተጣብቀው የሠሩት ነው፤ የጥንት ትርጉሙ ‹በምንም መንገድ ቢሆን› ነው። በዚህ ትርጉም ‹ሃውኤቨር ዩ ዱ ኢት› (እንዴትም ብታደርገው) ሲባል ዛሬም ማያያዣ ነው፤ ኮማ ብቻ ይበቃዋል። ‹ይሁንና› በሚል ትርጉሙ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር የማያያዝ ሥልጣን የለውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ልቡ የሚዘዋወር ተውሳከ ግሥ ነው። ይህንንም ቃሉን በማዘዋወር ማየት ይቻላል። ‹ዘ ቶታል, ሃውኤቨር, ኢዝ ኮሬክት› ይባላል። ‹ባት› ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ ‹ዘ ቶታል ባት ኢዝ ኮሬክት› የሚል የለም። የማይነቃነቀው ያያይዛል፤ የሚዘዋወረው አያያይዝም። ስለዚህ ሁለት ጥገና አለ። አንዱ ከ‹ሃውኤቨር› በፊት ሴሚኮሎን፣ በኋላው ኮማ ማድረግ ነው። ሌላው ኮማውን ትቶ ‹ሃውኤቨር›ን በ‹ባት› መለወጥ ነው። ‹ባት› የጥንት እንግሊዝኛ ‹ቡታን› ልጅ ሲሆን ትርጉሙ ‹በውጭ› ነበር፤ ከተባለው ውጪ ይህም አለ እንደማለት። ለፈጣን ኢሜይል እኔ ‹ባት›ን እመርጣለሁ። ሴሚኮሎን ስሕተት አይደለም፤ ግን በአምስት መስመር መልእክት ውስጥ ነጠላ ለብሶ ሩጫ የወጣ ይመስላል።

ከሁሉ የከፋው ‹ኦን ፍራይደይ› ነው። እዚያ ኮማም የለም። አቅራቢውን ዓርብ ነው ያላገኘው ወይስ ዓርብ ነው ደግሞ የሚደውለው? ‹ዓርብ› ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ቆሟል፤ ለሁለቱም እኩል ይስማማል። ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞ ቢያነበው አንዱ ንባብ ያለፈ ወሬ ነው፣ ሌላው ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። በአማርኛ ይህ ጥርጥር አይገጥመንም፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ‹አላገኘሁትም› ካልን በኋላ የምንጠራው ዓርብ የሚቀጥለው ግሥ ዓርብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ጊዜው ከግሡ በፊትም በኋላም ይቆማልና አጥሩን ጸሐፊው ማበጀት አለበት። እዚህ ላይ ጠጋኙ ብልሽቱን አይቶ መጠገኛውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ያላገኘው ዓርብ ከሆነ ነጥቡ ከ‹ፍራይደይ› በኋላ ይግባ። እግረ መንገዴን ልበል፦ እዚያ ቦታ ኮማ እንኳ ቢኖር ኖሮ ስሕተቱ ባይጠፋም ትርጉሙ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ስሕተቶች እኩል የሚያዩ የሰዋስው መጻሕፍት አያሳምኑኝም። ኮማ ስፕላይስ አንባቢን ያሰናክላል፤ ራን-ኦን ግን ሊያሳስተው ይችላል።

የመጨረሻው መጋጠሚያ ‹ደግሜ እደውላለሁ, እባክዎ ክፍያውን ያጽድቁ› የሚለው ነው። ብዙ ሰው ኮማ ስፕላይስ ሲያይ ‹ሶ› (ስለዚህ) ከትቶ ይገላገላል። እዚህ ‹ሶ› ቢገባ፣ ክፍያው የሚጸድቀው ደግሜ ስለምደውል ነው የሚል ትርጉም ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው። ማያያዣ ቃል ዝምድና ያውጃል፤ ዝምድና ከሌለ ነጥብ ይሻላል። ለልመናው ደግሞ ነጥብ ሌላ ጥቅም አለው። ‹ማኔጀር› ከጣሊያንኛ ‹ማኔጃሬ› የመጣ ሲሆን ሥሩ ‹ማኖ›፣ እጅ ነው፤ ቃሉ ፈረስ በእጅ መግራትን ይመለከት ነበር። የእኛ ‹አስኪያጅ› ከ‹ሄደ› ወጥቶ በ‹አስኬደ› በኩል የመጣ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ይህ ሰው ኢሜይል ሲከፍት የሚፈልገው የሚገራውን ወይም የሚያስኬደውን ነገር ነው። ልመናው በኮማ ከስልክ ወሬ ጋር ከተሰፋ ዓይኑ ያልፈዋል። ከተስተካከለ በኋላ እንዲህ ይነበባል፦

‹ዘ ሪፖርት ኢዝ ሬዲ, ኤንድ አይ ሴንት ኢት ቱ ፋይናንስ. ዘይ ፋውንድ ዋን ኤረር, ባት ዘ ቶታል ኢዝ ኮሬክት. አይ ኩድ ኖት ሪች ዘ ሰፕላየር ኦን ፍራይደይ. አይ ዊል ኮል አጌን. ፕሊዝ አፕሩቭ ዘ ፔይመንት.›

አንድ ቃል ተጨመረ፣ አንድ ቃል ተለወጠ፣ ሦስት ነጥብ ገባ። የጸሐፊው ድምፅ እንዳለ ነው። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጽሑፍ የተወለወለ አልሆነም፤ መሆንም የለበትም። ለአለቃ የሚላክ ኢሜይል ሲታረም እንደገና የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ያላለውን ጨምረው ይመለሳሉ።

የኮማ ስፕላይስ ሕግ የብረት ሕግ አይደለም። በ1918 (እ.ኤ.አ.) የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መምህር ዊልያም ስትራንክ ለተማሪዎቹ ባሳተመው ‹ዘ ኤለመንትስ ኦቭ ስታይል› በተባለው ትንሽ መጽሐፍ ላይ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ አታያይዙ ካለ በኋላ፣ በጣም አጫጭርና በቅርጽ ተመሳሳይ ለሆኑት በር ከፍቷል። ዩልዮስ ቄሳር ከዘመቻ ላከው የሚባለው ‹መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍሁ› የሚል ባለ ሦስት ግሥ መልእክት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኮማ ብቻ የሚሰለፈው በዚህ በር ገብቶ ነው። እሱም ሪፖርት ነበር። ‹ታንክስ, ዊል ዱ› የሚለውም አያስነቅፍም፤ ‹ታንክስ› ዓረፍተ ነገር አይደለምና።

ሕጉን አዲስ የተማረ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጠርዝ ይሮጣል፤ ያየውን ኮማ ሁሉ ነጥብ ያደርጋል። ‹ዊ ስቶፕድ. ቢኮዝ ዘ ሰርቨር ዋዝ ዳውን.› ቆምን ነጥብ፣ ሰርቨሩ ስለ ወደቀ ነጥብ። ‹ቢኮዝ› የድሮው ‹ባይ ኮዝ› ነው፣ ‹በምክንያት›፤ እንደ እኛ ‹ስለ› የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል፣ ለብቻው ነጥብ አይሸከምም። እዚህ ጥገናው የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጥቡን አውጥቶ ትልቁን ፊደል ማሳነስ ይበቃል፣ ኮማም አያስፈልገውም።